አንድ ጫማ፣ ሦስት ደቂቃ፦ በስልክ ካሜራ ስለ ሠርቶ አዳሪ ሰው አጭር ዘጋቢ ፊልም አሠራር

በስልኩ ዘጋቢ ፊልም ለመሥራት የተነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚፈልገው «አስገራሚ ታሪክ ያለው ሰው» ነው። ከገጠር መጥቶ፣ ተቸግሮ፣ ወድቆ የተነሳ። ችግሩ እንዲህ ያለው ታሪክ ያለፈ መሆኑ ነው፤ ካሜራ ፊት አይደገምም። ስለዚህ ባለታሪኩን ወንበር ላይ አስቀምጦ ከማናገር ሌላ ምርጫ አይኖርም፣ ሥዕሉም ከአንድ ደቂቃ በኋላ ይሰለቻል። ትልልቅ የፊልም ቡድኖች ይህን ክፍተት በድሮ ፎቶ፣ በጉዞና በሙዚቃ ይሸፍኑታል። ስልክ ብቻ የያዘ ሰው ግን ይህ የለውም።

እኔ የምመክረው ሰውን ሳይሆን ሥራን መምረጥ ነው። ያውም ሙሉ ሙያውን ሳይሆን፣ ተጀምሮ ዓይናችሁ ፊት የሚያልቅ አንድ ሥራ። ጫማ ሰፊን ስትቀርጹ የፊልሙ ርዕስ «የጫማ ሰፊው ሕይወት» ሳይሆን «አፉን ከፍቶ የመጣ አንድ ጫማ ተሰፍቶ እስኪሄድ» ይሁን። ሕይወቱ በዚያ መሐል ራሱ ይወጣል።

ሐሳቡን መምረጥ

ሐሳብ ሲመጣላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። ሥራው በአንድ ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ያልቃል? ከአንድ ሜትር ተኩል ርቀት ሆኜ እጁንም ፊቱንም ማየት እችላለሁ? የራሱ ድምፅ አለው? የርቀቱ ጥያቄ የመጣው ከስልኩ ነው፤ አብዛኛው ስልክ ከሩቅ በዙም ሲስብ ሥዕሉ ይበላሻል፣ ስለዚህ ቀርቦ መቀመጥ የሚቻልበት ሥራ ያስፈልጋል።

ጥቂት ሐሳቦችን በዚህ እንፈትን። እንጀራ ጋጋሪ ታልፋለች። ሊጡ ምጣዱ ላይ ሲዞር፣ ዓይኑ ሲወጣ፣ አክንባሎው ሲከደን፣ በሰፌድ ሲወጣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አንድ ሙሉ ዑደት ነው፤ ያመለጣችሁን ደግሞ በሚቀጥለው እንጀራ ታገኙታላችሁ። ፈተናው ጨለማውና እንፋሎቱ ነው። በሩን ከፍታችሁ ብርሃኑ ከምጣዱ ጀርባ ወይም ከጎን እንዲመጣ ከተቀመጣችሁ እንፋሎቱ ራሱ ያምራል፤ ብርሃኑ ከጀርባችሁ ከሆነ ግን እንፋሎቱ ሥዕሉን የሚያደበዝዝ ጉም ነው። አክንባሎው በተነሳ ቁጥር ሌንሱን ጥረጉ።

ቆራሌው በድምፁ ያልፋል፣ በእግሩ ይወድቃል። ቀኑን ሙሉ መከተል ሥዕሉን ያንቀጠቅጠዋል፣ በየበሩም አዲስ ፈቃድ መጠየቅ ይመጣል። ይልቅ ማታ ጆንያው የሚዘረገፍበት ቦታ ተገኙ። አንድ የተሰበረ ሬዲዮ፣ ጥንድ የሌለው ጫማ፣ ጠርሙሶች አንድ በአንድ ሲወጡ «ይሄንን ከማን ገዛኸው? በስንት?» ማለት ብቻ ይበቃል። የቀኑ ጉዞ በዕቃዎቹ ይነገራል።

ሸማኔ ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ሙሉ ነጠላ አትጠብቁ። የጥለቱን አንድ መስመር ያዙ፤ ድሩ፣ መወርወሪያው፣ ጉድጓዱ ውስጥ የሚረግጠው እግር። ስልክ እንደ ትልቅ ካሜራ አይደለምና ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። ወያላና የሌሊት ዘበኛን ለሌላ ጊዜ ተዉአቸው፤ አንዱ ጋር ፈቃድ ያልጠየቃችኋቸው ተሳፋሪዎች፣ ሌላው ጋር ጨለማው ያሸንፋችኋል።

ለመጀመሪያ ፊልም ግን ከሁሉም የምመርጠው ጫማ ሰፊ ነው። አንድ ቦታ ይቀመጣል፣ በቀን ብርሃን ይሠራል፣ መዶሻው ይሰማል፣ ደንበኛው ባዶ እግሩን ስለማይሄድ ሥራው እስኪያልቅ አጠገቡ ይጠብቃል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ አንድ ታክሲ መያዣ አጠገብ ከሚሠሩ ጫማ ሰፊ ጋር እንዴት እንደሠራሁ ነው። ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራቸው፤ እዚህም ጋሼ ይበቃል።

ካሜራውን ሳታወጡ

መጀመሪያ እንደ ደንበኛ ሂዱ። የተቀደደ ጫማ ከቤት አይጠፋም። የሚከፈለውን ከፍላችሁ፣ የሚሰጧችሁን ነጠላ ጫማ አጥልቃችሁ ተቀመጡና ሥራውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመልከቱ። ልብ የምትሉት ቅደም ተከተሉን ነው። ጋሼ ጫማውን ተቀብለው በሁለት እጃቸው ያጥፉታል፤ ሶሉ የት ድረስ እንደተላቀቀ የሚያዩት እንዲህ ነው። ከዚያ ዋጋ ይነገራል፣ ክርክር ይኖራል። አቧራው ይራገፋል፣ የሚጣበቀው ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፣ ማስቲሽ ሁለቱም ፊት ላይ ይቀባል። ከዚያ ሥራው ይቆማል።

ይህች መቆሚያ የፊልማችሁ ወርቅ ናት። ማስቲሽ ተቀብቶ ወዲያው አይገጠምም፤ ትንሽ ደርቆ ጣት ላይ መያያዝ ሲተው ነው የሚጋጠመው፣ እስከ አሥር ደቂቃ ይወስዳል። በዚያ ጊዜ መዶሻ የለም፣ እጅ ሥራ ፈቷል፣ ሰው ያወራል። ቃለ መጠይቅ የሚባለውን ነገር የምታደርጉት እዚህ ነው። ቀጥሎ ሶሉ ይገጠማል፣ በመዶሻ ይመታል፣ ዙሪያው በወስፌ ይሰፋል፣ ክሩ ይቆረጣል፣ ደንበኛው ያጠልቀውና መሬቱን ሁለቴ ይረግጥበታል።

ፈቃድ የምትጠይቁት ይህን ካያችሁ በኋላ ነው። «ዶክመንተሪ ልሠራብዎት» አትበሉ፤ ሰው ቴሌቪዥን መጣብኝ ብሎ ይደነግጣል፣ ወይም ገንዘብ ያለበት ነገር ይመስለዋል። እኔ ያልኩት «ጋሼ፣ አንድ ጫማ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲሠሩ በስልኬ ልቅረጽ፤ ሦስት ደቂቃ የሚሆን ነገር ይወጣዋል፤ ሰው ከማየቱ በፊት እርስዎ ያዩታል» ነው። እሺ ሲሉ ያንኑ እሺታቸውን ካሜራው በርቶ አንዴ አስደግሟቸው። መንገድ ዳር ያለ ፈቃድ የሚሠራ ሰው ከሆነ አንድ ነገር ጨምሩ፦ ቦታው እንዲታወቅ ይፈልጋል ወይ? ካልፈለገ የሱቅ ስም፣ የመንገድ ምልክት፣ የታክሲው ረዳት የሚጠራው መዳረሻ ሁሉ ከፊልሙ ይውጣ። ለጥሩ ሥዕል ብሎ ሰውን ከደንብ አስከባሪ ጋር ማጋጨት ነውር ነው።

ደንበኞቹስ? እኔ የወሰንኩት ከጉልበት በታች ብቻ ለመቅረጽ ነው። ፊታቸው ስለማይታይ ማንም አይሸማቀቅም፣ ፊልሙም መልክ ያገኛል፤ እግር፣ ጫማ፣ ነጠላ ጫማ። ድምፃቸው ከገባ ግን ያንንም አስፈቅዱ።

ስልኩን ማዘጋጀት

የስልኩ ካሜራ በራሱ እንዲወስን ከተዋችሁት ፊልሙ መሐል ላይ ብርሃኑን ይቀያይርባችኋል፤ አሠራሩ እንዲህ ስለሆነ። ስለዚህ ቀድማችሁ ትቆልፉታላችሁ።

ሌንሱን በንጹሕ ጥጥ ጨርቅ ጥረጉ። የፊልሙን ቅርጽ ወስኑ፤ ለቲክቶክ ከሆነ ስልኩ ቁም፣ ለዩቲዩብ ከሆነ አግድም፣ ሁለቱን ማደባለቅ የለም። ጥራቱን 1080 ላይ አድርጉ፤ ለዚህ ሥራ ፎር ኬ ቦታ ከመጨረስ በቀር የሚጨምረው የለም። በብዙ ስልኮች 1080 ላይ አንድ ደቂቃ 130 ሜጋባይት አካባቢ ይወስዳል፤ አርባ ደቂቃ ለመቅረጽ ከ5 እስከ 6 ጊጋባይት ባዶ ቦታ አዘጋጁ።

በሰከንድ የሚቀረጸው የፍሬም ቁጥር 25 ቢሆን ይመረጣል። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በ30 ፍሬም ስትቀርጹ ፍሎረሰንትና አንዳንድ ኤልኢዲ አምፖል ሥዕሉ ላይ ይርገበገባል። አይፎን ላይ Settings፣ ከዚያ Camera፣ ከዚያ Record Video ገብታችሁ Show PAL Formats ስትሉ 25 ይመጣል። አንድሮይድ ላይ ካጣችሁት እንደ Open Camera ያለ ነፃ መተግበሪያ ሞክሩ። ደጅ በፀሐይ ብርሃን ብቻ የምትቀርጹ ከሆነ 30ውም አያሳስብም።

ከዚያ ስልኩን አውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጉት። ቀረጻ መሐል ስልክ ሲደወል አንዳንዱ ስልክ ቀረጻውን ያቆመዋል፣ ንዝረቱም ድምፁ ውስጥ ይገባል። በመጨረሻ የሰውየውን ፊት ስክሪኑ ላይ በጣት ተጭናችሁ ቆዩ፤ አይፎን ላይ AE/AF LOCK የሚል ጽሑፍ ሲመጣ ብርሃኑና ትኩረቱ ተቆልፏል ማለት ነው፤ ብዙ አንድሮይድ ስልክ ደግሞ የቁልፍ ምልክት ያሳያል። ቦታ በቀየራችሁ ቁጥር ይህን መድገም ያስፈልጋል።

ብርሃኑ

አዲስ አበባ ላይ እኩለ ቀን ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። ባርኔጣ ወይም ጃንጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው ፊቱ ይጠቁራል፣ ከጀርባው ያለው አስፋልት ነጭ ሆኖ ይቃጠላል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት፣ ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ሂዱ። ለጫማ ሰፊ ጠዋት ይሻላል፤ ወደ ሥራ ሲሄድ ጫማው የተላቀቀበት ሰው የሚመጣው ያን ጊዜ ነው።

ማንም የማይነግራችሁ አንድ ነገር የሸራው ቀለም ነው። ጋሼ ራሳቸውን ያስጠለሉት በሰማያዊ ሸራ ስለነበር ፀሐይዋ ስትወጣ ፊታቸውም እጃቸውም ሰማያዊ ይሆን ነበር። ስልኩ ይህን ለማረም ሲሞክር ከሸራው ውጭ ያለውን ሁሉ ብርቱካናማ ያደርገዋል። ኋላ በቅንብር አይስተካከልም፤ አንዱን ስታርሙ ሌላው ይበላሻል። መፍትሔው ሸራውን ማንሳት አይደለም፣ እሱ የሰው ጣሪያ ነው። ከሸራው ጠርዝ በኩል፣ ከጎን የሚገባው ተራ የቀን ብርሃን ፊታቸው ላይ እንዲያርፍ እናንተ ቦታ ቀይሩ። ደመና ባለበት ቀን ችግሩ ይቀንሳል። ቀለሙ ትክክል መሆኑን ለማወቅ ነጭ ወረቀት እጃቸው አጠገብ አስቀምጣችሁ ስክሪኑ ላይ ተመልከቱ፤ ወረቀቱ ነጭ ካልሆነ ፊታቸውም ትክክል አይደለም።

ድምፁ

ተመልካች ደብዛዛ ሥዕል ይታገሳል፣ የማይሰማ ንግግር ግን አይታገስም። የስልኩ ማይክ ከአንድ ሜትር በላይ ሲርቅ ታክሲውንም ረዳቱንም ከሰውየው እኩል ይሰማል። ርካሹ መፍትሔ ሁለተኛ ስልክ ነው። ከጓደኛ ተዋሱ፣ ማይክ ያለው ባለ ገመድ ጆሮ ማዳመጫ ሰኩበት፣ ድምፅ መቅጃውን አብሩና ስልኩን ኮት ኪሳቸው ውስጥ ክተቱት። የማይኩን ገመድ በመርፌ ቁልፍ ኮሌታው ላይ፣ ከአገጭ አንድ ስንዝር ዝቅ አድርጋችሁ አያይዙ። ገመዱ ሸሚዝ ላይ እየተፋተገ ከሆነ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ትሰማላችሁ፤ ለሙከራ አንድ ደቂቃ ቀድታችሁ እዚያው አዳምጡ።

ሥዕሉንና ድምፁን ኋላ ለማጋጠም ሰዎች እጃቸውን ያጨበጭባሉ። እናንተ መዶሻው አላችሁ። መዶሻው ሶሉን ሲነካ የሚታይበትን ፍሬምና ድምፁ ጎልቶ የሚነሳበትን ቦታ ማገናኘት ብቻ ነው፤ በየቀረጻው አንድ ምት ይግባ።

ከመሄዳችሁ በፊት ማንም ሳያወራ የቦታውን ድምፅ ብቻ ለአንድ ደቂቃ ቅዱ። ንግግሩን ስትቆርጡና ስትቀጥሉ የታክሲው ጩኸት ድንገት የሚጠፋበት ቦታ ይኖራል፤ ከሥሩ ይህን ስታነጥፉ ቁርጡ አይታወቅም።

መቅረጽ

ስልኩን በሁለት እጅ ያዙ፣ ክርኖቻችሁን ደረታችሁ ላይ ደግፉ፣ ወይም የሊስትሮ ሳጥን ላይ አስቀምጡት። አንድ ቀረጻ አሥር ሰከንድ ሳይንቀሳቀስ ይቆይ። እየተዘዋወሩ መቅረጽ ለቅንብር የሚሆን ምንም አይሰጥም።

አንዴ ብቻ የሚሆነውንና የሚደገመውን ለዩ። ደንበኛው መጥቶ ጫማውን ሲያወልቅ፣ ዋጋ ሲነጋገር፣ አጥልቆ ሲረግጥ፣ ይህ አንዴ ነው፤ እዚህ ጊዜ ስልኩ ቀድሞ በርቶ ቦታው ላይ መሆን አለበት። ማስቲሽ መቀባቱ፣ መዶሻው፣ ወስፌው ግን በሚቀጥለውም ጫማ ይደገማል። ስለዚህ በመጀመሪያው ጫማ ከሰፊው ሥዕልና ከፊታቸው አትራቁ፣ የእጁን ቅርብ ሥዕል ከሌላ ጫማ ውሰዱ። ዘዴው የሚሠራው ግን ቀለሙ ከገጠመ ነው፤ ጥቁር ጫማ ከጥቁር ጫማ ጋር ይቀጠላል፣ ቡናማው ከገባ ተመልካቹ ወዲያው ያውቃል። እኔ ዋናውን ጫማ ጥቁር አደረግሁት፤ በብዛት የሚመጣው እሱ ነውና።

ለወስፌው ጊዜ ስጡት። ቅርብ ስትሆኑ ብዙ ነገር አለው። ጋሼ ክሩን በሰም ይጎትቱታል፣ ወስፌውን ከላይ ያስገባሉ፣ ግራ እጃቸው ጫማው ውስጥ ሳያይ ክሩን ጫፉ ላይ ያጠልቃል፣ ወስፌው ክሩን ይዞ ይመለሳል። የግራው እጅ ምን እንደሚሠራ ከውጭ አይታይም። ስለዚህ ሦስት ቀረጻ ያስፈልጋል፦ ወስፌው ሲገባ፣ እጁ ጫማው ውስጥ ሲንቀሳቀስ ከላይ፣ እና በዚያው ቅጽበት ፊታቸው። ዓይናቸው ጫማው ላይ አይደለም፤ መንገዱን ነው የሚያዩት። ጣታቸው ለብቻው ይሠራል። ይህችን ሥዕል ለማግኘት ብቻ ሌላ ጫማ መጠበቅ ያዋጣል።

ማስቲሹ እስኪደርቅ

«ስለ ሥራዎ ይንገሩኝ» የሚል ጥያቄ «ጥሩ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል መልስ ያመጣል። ጥያቄው እጃቸው ላይ ያለውን ነገር ይመለከት። «ይሄ ጫማ ስንተኛ ጥገናው ነው?» «ከሶሉ አበላል ሰውየው ምን እንደሚሠራ ያውቃሉ?» «ምን ዓይነቱን ጫማ አልሠራም ብለው ይመልሳሉ?» እኔን ከሁሉ የጠቀመኝ «ሳይወስደው የቀረ ሰው አለ?» የሚለው ነው። ጋሼ መልስ ሳይሰጡ ከጀርባቸው ካለው ሣጥን ተጠግነው ያልተወሰዱ ጫማዎች ማውጣት ጀመሩ፤ የአንዱ ባለቤት ክፍለ ሀገር እንደሄደ፣ የሌላው መንደሩ ሲፈርስ እንደቀረ እየነገሩኝ። ቁጭ ብዬ ብጠይቃቸው የማይነግሩኝን የሰፈሩን ታሪክ በጫማ ቆጠሩልኝ።

ሲመልሱ «እሺ»፣ «አዎ»፣ «እ» አትበሉ፤ ድምፃችሁ በየመሐሉ ገብቶ ለመቁረጥ ያስቸግራል። ራሳችሁን ነቅንቁ። ጥያቄያችሁ ፊልሙ ውስጥ ስለማይኖር መልሱ ሙሉ ይሁን፤ «ሦስተኛው» ብለው ካቆሙ «ምኑ ነው ሦስተኛ፣ ጋሼ?» በሏቸው። ከመልሱም በኋላ አምስት ሰከንድ ዝም በሉ፤ ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር የሚመጣው ያን ጊዜ ነው።

ቅንብር

ከአርባ ደቂቃ ሦስት ደቂቃ ማውጣት ነው። ሥዕሉን ሳታዩ መጀመሪያ ንግግሩን አዳምጡና ፊልሙ ውስጥ የሚገባውን ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ከአንድ ደቂቃ ተኩል ንግግር አይብለጥ። የቀረው ለሥራው ድምፅ ነው። CapCut ወይም ሌላ ነፃ መተግበሪያ ይበቃል።

የእኔ ቅደም ተከተል እንዲህ ነበር። በጨለማ ስክሪን ላይ የመዶሻ ድምፅ፣ ከዚያ የተላቀቀው ጫማ ሲታጠፍ። ባለጫማው እግሩን ነጠላ ጫማ ውስጥ ሲያስገባ። የዋጋው ክርክር፣ አሥራ አምስት ሰከንድ። ብርጭቆ ወረቀት፣ ማስቲሽ። ማስቲሹ ሲደርቅ የጋሼ ንግግርና ያልተወሰዱት ጫማዎች፤ ይህ የፊልሙ ግማሽ ነው። መዶሻ፣ ወስፌ፣ የተቆረጠ ክር። እግሩ ሁለቴ ሲረግጥ። ሙዚቃ አልጨመርኩም፤ ዋሽንት ሲገባ ሰውየው የሚታዘንለት ይሆናል፣ እሳቸው ግን ሲከራከሩ ነው ያየኋቸው።

የሚሠራ መሆኑን የምታውቁት በሁለት ፈተና ነው። አንዴ ድምፁን ዘግታችሁ እዩት፤ ጫማው ምን እንደሆነ ካልገባ የጎደለ ሥዕል አለ። አንዴ ደግሞ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙት፤ ድምፁ ድንገት የሚቆረጥበት ቦታ ሁሉ የቦታው ድምፅ ያስፈልገዋል። ብዙ ሰው ድምፅ ዘግቶ ስለሚያይ ንግግሩን በአማርኛ ጽሑፍ ከታች አስቀምጡ፤ አንዳንድ ፎንት የግዕዙን ፊደል ባዶ ሣጥን ስለሚያደርገው እስከ መጨረሻው መስመር አንብቡት።

ከመለጠፋችሁ በፊት ለባለቤቱ አሳዩ፣ ደጅ ስለሆነ በጆሮ ማዳመጫ። ጋሼ አንድ ነገር አስወጡኝ፤ ዋጋው የተነገረበትን ቁጥር፣ ሌላው ደንበኛ «ለእሱ እንዲህ ብለህ» እንዳይላቸው። ክርክሩ ሳይወጣ ቆየ፣ ቁጥሩ ላይ ግን የታክሲ ጡሩንባ አለበስኩበት። ፊልሙን በቴሌግራም ስትልኩላቸው ደግሞ እንደ ቪዲዮ አትላኩ፣ ይጨመቅና ይደበዝዛል፤ File በሚለው በኩል ላኩት፣ ዋናውን ቀረጻም በዚያው መንገድ ራሳችሁ Saved Messages ውስጥ አስቀምጡ።